ለእማዬ የሆድ ድርቀት የቱ ይሻላል? አለስላሹ፣ ፋይበሩ ወይስ አንጀት የሚያነቃቃው?

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 76 ዓመቷ ነው። ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጥታ በረዶ አንሸራቷት ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ደህና አለቀ፤ አሁን ቤት ናት። ከሆስፒታል ስትወጣ ለሕመሙ ትራማዶል፣ ደሟ ስለቀነሰ የብረት እንክብል፣ ለሆድ ድርቀት ደግሞ ዶኩሴት 100 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ አዘዙላት። ዶኩሴቱን አንድም ቀን አላቋረጥንም። ግን ይኸው አምስተኛ ቀኗ ነው። ሽንት ቤት ትገባለች፣ ታምጣለች፣ ምንም የለም። ሆዷ ከብዷታል፤ ምግብም እያስጠላት ነው።

ጎረቤቴ የሲሊየም ዱቄት አምጥታ አንድ ጊዜ በጥብጠን ሰጠናት። ፋርማሲ ሄጄ ደግሞ መደርደሪያው ፊት ቆሜ ግራ ገባኝ። ሁሉም ለሆድ ድርቀት ነው ይላል። አንዱ ያለሰልሳል፣ አንዱ ፋይበር ነው፣ አንዱ አንጀት ያነቃቃል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለትልቅ ሰው፣ ለአጭር ጊዜ የሚሆነው የቱ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ብንለምናትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም።

---

ገነት የፒያሳዋ

እግዚአብሔር ይማራት። እኔ የምመክርሽ ፋይበሩን ቀጥዪ። ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም። ተልባም በጥብጠሽ ስጫት። አንጀት የሚያነቃቃ የሚባለውን ግን እንዳትነኪው! አንጀት ያሰንፋል። አንዴ ከለመደ ያለ እሱ አይሠራም። አክስቴ ስንት ዓመት ሙሉ ያለ እንክብል ሽንት ቤት አትሄድም ነበር።

---

መድኃኒት ቤት (ፋርማሲስት፣ ሲያትል)

የእማዬ ልጅ፣ ስለ መድኃኒቱ ከማውራታችን በፊት አራት ነገር ንገሪኝ። ያስመልሳቸዋል? አየር ይወጣላቸዋል? ሆዳቸው ተነፍቶ ስትነኪው ያማቸዋል? ውኃ የመሰለ ነገር ያመልጣቸዋል? ካስመለሳቸው፣ ወይም አየር መውጣት ካቆመ፣ ወይም ሆዳቸው ከተነፋ ምንም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሳትሰጪ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው። አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በተዘጋ አንጀት ላይ የሚገፋ መድኃኒት መስጠት አደገኛ ነው።

ሲሊየሙን ለአሁኑ አቁሚው። ተልባውንም እንደዚሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

የእናትሽ ችግር የመጣው በዋናነት ከትራማዶል ነው። ትራማዶል የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገየዋል። ሰገራው ትልቁ አንጀት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አንጀት ደግሞ ሥራው ውኃ መምጠጥ ስለሆነ በቆየ ቁጥር ያደርቀዋል። በላዩ ላይ ብረቱ አለ፣ መተኛቱ አለ፣ ውኃ አለመጠጣቱ አለ። ይህን ይዘሽ ሦስቱን መድኃኒቶች እያቸው።

ዶኩሴት በባሕርዩ ሳሙና ነው። ውኃና ቅባት ወደ ደረቀው ሰገራ እንዲገቡ ያግዛል ተብሎ ነው የሚሰጠው። አንጀትን ግን አይገፋም። ስለዚህ አንጀቱ በትራማዶል ከቆመ ሰገራው ትንሽ ቢለሰልስ እንኳ እዚያው ነው የሚቀመጠው።

ሲሊየም፣ ሜታሙሲል የሚባለው፣ ውኃ መጥጦ ያብጣል። ያበጠው ነገር የአንጀቱን ግድግዳ ሲወጥረው አንጀት መልሶ ይገፋል። ውጤቱ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ቀን ይፈጃል። ይህ የሚሠራው ሰውየው በደንብ ሲጠጣና አንጀቱ የመግፋት አቅም ሲኖረው ነው። ለአንድ ማንኪያ ቢያንስ 240 ሚሊሊትር፣ ማለትም አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ያስፈልጋል። እናትሽ አይጠጡም፣ አንጀታቸውም አይገፋም። ስለዚህ በተዘጋ መንገድ ላይ ጭነት መጨመር ነው የሚሆነው። ለመዋጥ የሚቸገር አዛውንት ከሆነ ደግሞ ጉሮሮ ላይ አብጦ ሊያንቅ ይችላል።

ሦስተኛው ሰናና ቢሳኮዲል ናቸው። እነዚህ የትልቁን አንጀት ነርቮች ቀስቅሰው እንዲኮማተር ያደርጉታል፤ ውኃውንም እንዳይመጥጠው ያግዳሉ። ትራማዶል ያቆመውን ነገር በቀጥታ የሚነካው ይህ ነው። ሰና አንጀት ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ተቀይሮ ነው ሥራ የሚጀምረው፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። ለዚህ ነው ማታ ሲወሰድ ጠዋት የሚሠራው።

ለእናትሽ ሁኔታ፣ ለአጭር ጊዜ፣ እኔ የምመርጠው ሰናን ነው። ግን አምስት ቀን ስለሆነ ነገ አትበይ፤ ዛሬ የቀዶ ሐኪሙ ቢሮ ደውለሽ ነርሷን አነጋግሪ።

---

የእማዬ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላስመለሳትም። አየር ይወጣታል። ሆዷ ሞላ ያለ ነው እንጂ አያማትም። ግን ስለ ውኃው ስትጠይቀኝ ነው ያስተዋልኩት፤ ከትናንት ጀምሮ ልብሷን ትንሽ ትንሽ ያረጥባታል። ተቅማጥ ጀመራት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

---

ሲስተር ከነታንያ

እህቴ፣ እሱ ተቅማጥ ላይሆን ይችላል። እኔ አረጋውያን ቤት ነው የምሠራው፤ ይህን በየጊዜው አያለሁ። ታች፣ ፊንጢጣው ጋ፣ ደረቅ ሰገራ እንደ ድንጋይ ይቀመጥና ከላይ ያለው ቀጭኑ ፈሳሽ በጎን በጎኑ ያመልጣል። ቤተሰብ ተቅማጥ ነው ብሎ የተቅማጥ ማቆሚያ ይሰጣል። ያኔ ነገሩ ጭራሽ ይጠብቃል። አንዳንዱ አዛውንት ሽንቱ ይያዛል፤ አንዳንዱ ግራ ይጋባል፣ ይቃዣል። ልጆቹ ጭንቅላቱን ነው ብለው ያመጡታል፤ ሲታይ ሆዱ ነው።

እንዲህ ከሆነ በአፍ የሚወሰደውን ከማስቀደም ታችኛውን መክፈት ነው። ሐኪም ወይም ነርስ በጓንት ጣት አስገብቶ ይመረምራል። ደረቅ ከሆነ በፊንጢጣ የሚገባ ግሊሰሪን ወይም ቢሳኮዲል 10 ሚሊግራም ይሰጣል። ቢሳኮዲሉ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራል። ዳሌዋ አዲስ የተሠራ ስለሆነ አተኛኘቷን የሚያውቅ ሰው ቢያደርገው ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፋርማሲ የሚሸጠውን፣ በፊንጢጣ የሚገባውን የፎስፌት አንጀት ማጠቢያ ከራስሽ አንስተሽ አትስጫት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2014 እ.ኤ.አ. በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ውኃ ያነሳቸውና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ነው ጉዳቱ የሚብሰው። ጾመኛ እናት ውኃ አንሷት ነው የምትውለው።

---

የጎንደር ልጅ

ይሄን ሁሉ ምን አመጣው? የጉሎ ዘይት አንድ ማንኪያ በቂ ነው። አያቶቻችን በዚህ ነው የኖሩት። ዘይት ስለሆነ ያለሰልሳል፣ ኬሚካል የለውም።

---

መድኃኒት ቤት

ወንድሜ፣ የጉሎ ዘይት አለስላሽ አይደለም። አንጀት ውስጥ ሲገባ ተሰባብሮ የሚያነቃቃ አሲድ ይወጣዋል፤ ከሰናም በላይ ኃይለኛ ነው። ቁርጠት ያመጣል፣ ውኃና ጨው ያሳጣል። የ76 ዓመት ሴት፣ ዳሌዋ በቅርቡ የተሠራ፣ በጥድፊያ ወደ ሽንት ቤት ስትሮጥ ብትወድቅ አስቡት። የማዕድን ዘይት የሚባለውንም ለአዛውንት አልሰጥም። ተኝተው ሲውጡት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ሲስተር ያለችው ትክክል ነው። የእማዬ ልጅ፣ እኔ ሰና ያልኩት ታች የተደፈነ ነገር ከሌለ ነው። መጀመሪያ ይመርመሩ።

---

ሊያ 24

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ የሰና ሻይ ለሆድ ስብ እየጠጣሁ ነው። ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ። መቀጠል እችላለሁ?

---

መድኃኒት ቤት

ሊያ፣ የቀነሰው ውኃ ነው። ምግብ በአብዛኛው የሚመጠጠው ትንሹ አንጀት ላይ ነው፤ ሰና የሚሠራው ደግሞ ትልቁ ላይ። ምግቡ ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። ስብሽን አይነካም፤ ፖታሲየምሽን ግን ያወርደዋል። አቁሚው።

---

ሪያድ ነኝ

እዚህ ሰናመኪ ቅጠሉ በኪሎ ይሸጣል። የማሠራቸው እማማ ሲደርቅባቸው አፍልቼ ነው የምሰጣቸው። በጣም ይሠራል። አንዳንዴ ግን ሲያቆርጣቸው ያድራል። ቅጠሉና እንክብሉ ይለያያል እንዴ?

---

መድኃኒት ቤት

ያው ሰና ነው እህቴ። ልዩነቱ ልኩ ነው። እንክብሉ ውስጥ ስንት እንዳለ ይታወቃል፤ እዚህ የተለመደው 8.6 ሚሊግራም ነው። ለአዋቂ ሁለት ማታ ይባላል፤ እኔ ለደካማ አዛውንት ከአንድ ጀምሩ እላለሁ። ቅጠሉ ግን ዛሬ ያፈላሽውና የዛሬ ሳምንት ያፈላሽው እኩል አይሆንም። ቁርጠቱ ልኩ እንደበዛ ነው የሚነግርሽ። ቤተሰቦቻቸውን አስፈቅደሽ ወደ እንክብሉ ብትቀይሪ ጥሩ ነው። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነም ጠይቂ። ከሰና ጋር ሲደራረብ ፖታሲየም ይወርዳል።

---

ገነት የፒያሳዋ

መድኃኒት ቤት፣ አክብሬሃለሁ፤ ግን አንጀት ያሰንፋል ያልኩትን አልመለስክልኝም። ይሄን እኮ ሐኪሞችም ይላሉ።

---

መድኃኒት ቤት

ልክ ነሽ፣ ይላሉ። እኔም ስማር የተነገረኝ እሱ ነው። ነገር ግን በታዘዘው ልክ የተወሰደ ሰናም ሆነ ቢሳኮዲል የአንጀትን ነርቭ እንደሚያበላሽ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ሰና ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው አንጀት ውስጡ ሊጠቁር ይችላል፤ እሱም ሲያቆሙት ይመለሳል። የአክስትሽ አንጀት ከመጀመሪያውም የደከመ ሆኖ እንክብሉ ሲያግዘው ኖሮ ሊሆን ይችላል። ከመጠን በላይ ከወሰዱት ግን ሌላ ነው። ያኔ የምትፈሪው ድርቀትና የፖታሲየም መውረድ ነው።

የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ቢሳኮዲልን ለአጭር ጊዜ በጥብቅ ይመክሩታል። አጭር የሚሉት እስከ 4 ሳምንት ነው። ሰናንም ይመክራሉ፤ ግን እንደ ቢሳኮዲል አጥብቀው አይደለም። ከዚያ በላይ ሲረዝም ምን ይሆናል የሚለው ላይ በቂ ጥናት ስለሌለ ነው ገደብ የሚያደርጉት።

---

ሐኪም ነኝ (አዲስ አበባ)

አብዛኛው ላይ እስማማለሁ። ዶኩሴትን ግን እንዲህ አትጣሉት። ኪንታሮት ያለበት ወይም ልቡ በቅርቡ የታመመ ሰው ማማጥ የለበትም። ለእነሱ እጽፋለሁ። ጉዳት የለውም፣ ርካሽ ነው።

---

መድኃኒት ቤት

ዶክተር፣ ጉዳት የለውም የሚለው ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ሰው ለድርቀቱ መድኃኒት ወስዷል ተብሎ አምስት ቀን ይጠበቃል። ይህች እናት ላይ የደረሰው እሱ ነው። በካናዳ የሕይወት ፍጻሜ እንክብካቤ ማዕከላት የተሠራ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። 74 ሕሙማንን ሁለት ቦታ ከፈሉ። ሁሉም ሰና ወሰዱ፤ ግማሾቹ ዶኩሴት ተጨመረላቸው፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል። በ10 ቀን ውስጥ የረባ ልዩነት አልተገኘም። ማማጥ ለሌለበት ሰው ቢሆን እንኳ እኔ ሚራላክስን እመርጣለሁ። እሱ ውኃን ይዞ አንጀት ውስጥ ያቆያል፤ ሰገራውን በእርግጥ ያለሰልሳል።

---

ሐኪም ነኝ

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሕሙማኑም በጣም የደከሙ ናቸው። ከልብ ሕመም ለሚያገግም ሰው ያው ነው ለማለት አልደፍርም። ሚራላክስ የተሻለ ነው በሚለው ግን አልከራከርህም። እኛ ጋ ሁልጊዜ አይገኝም። ላክቱሎስ ነው የምንሰጠው፤ ሆድ ይነፋል እንጂ ይሠራል።

---

የእማዬ ልጅ

ተመለስኩ። በዚያው ቀን ደውዬ ነርሷ እንድናመጣት አለችኝ። ሲስተር እንዳለችው ነው የሆነው። ታች ደረቅ ሰገራ ሞልቶ ተገኘ። ቢሳኮዲሉን በፊንጢጣ ሰጥተዋት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወጣላት፤ ማታ እንደገና። ልብሷን ማርጠቡም ቆመ። እራት በልታ ተኛች፣ ተመስገን።

ዶኩሴቱን አስቁመዋታል። አሁን ማታ አንድ የሰና እንክብል፣ ጠዋት ደግሞ ሚራላክስ 17 ግራም በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ። ትራማዶሉን በየቀኑ እየቀነስን ወደ ፓራሲታሞል እንድንሻገር ነግረውናል። ብረቱን አንድ ቀን እየዘለልን እንድንሰጥ አድርገዋል።

ጾሙን የነፍስ አባቷን ጠየቅናቸው። ለታመመ አይከለከልም፣ ውኃሽን ጠጪ አሏት። እኔን ሳትሰማ እሳቸውን ሰማች። ከቁርስ በኋላም እግሯን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አሳርፋ እንድትቀመጥ አሳዩን። ጉልበቷ ግን ከዳሌዋ በላይ እንዳይነሳ አስጠንቅቀውናል፤ ለተሠራው ዳሌ ጥሩ አይደለም አሉ።

የቀረኝ ጥያቄ ሰናውን መቼ ላቁም የሚለው ነው። ጎረቤቴ ያመጣችው ሲሊየምስ ይጣል?

---

ሲስተር ከነታንያ

እሰይ! ከቁርስ በኋላ ያልሽው ጥሩ ነው። ምግብ ሲገባ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል። በዚያን ሰዓት አስቀምጫት፤ ብዙ ግን አታማጪያት።

---

መድኃኒት ቤት

ደስ ብሎኛል። ሰናውን ከትራማዶሉ ጋር አያይዘሽ እይው። ትራማዶል እስካለ ሰናውም ይኑር። ትራማዶሉ ካቆመ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ከወጣላቸው፣ ሰናውን አንድ ቀን እየዘለልሽ ሞክሪ፤ ከዚያ ተዪው። ሰገራው ከቀጠነ ግን ሳትጠብቂ በዚያው ማታ ዝለዪው። ሚራላክሱ ከሰናው በኋላም ትንሽ ቢቆይ ችግር የለውም።

ሲሊየሙን አትጣይው። እናትሽ ተነስተው ሲራመዱ፣ ውኃም በደንብ ሲጠጡ፣ ያኔ ለዘለቄታው ጥሩ ነው። በግማሽ ማንኪያ ጀምሪ፤ በአንድ ብርጭቆ ውኃ፣ በጥብጠሽ ሳይወፍር ቶሎ ይጠጡት። ከሌሎች መድኃኒቶቻቸው ሁለት ሰዓት አራርቂው፤ አብሮ ከተወሰደ መድኃኒቱን ይዞ ሊያልፍ ይችላል። ገነት፣ ተልባሽም የዚያን ጊዜ ይመጣል፤ በውኃው ጉዳይ ሕጉ ያው ነው።

አንድ ቀን ቢሳኮዲል በአፍ ከታዘዘላቸው ደግሞ እንክብሉ እንዳይፈጭ። በወተትም እንዳይዋጥ። ሽፋኑ ጨጓራ ላይ ከተፈታ ያቃጥላል።

---

ዮናስ ዲሲ

ክሩን ሁሉ አነበብኩ። አባቴ ፓርኪንሰን አለበት፤ ድርቀቱ ዓመታት አልፎታል። ሰና በየቀኑ ይወስዳል። አራት ሳምንት ያላችሁት እሱንም ይመለከታል?

---

ሐኪም ነኝ

አባትህ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ፓርኪንሰን ራሱ አንጀትን ያዘገያል፤ እሳቸው ጋ አጭር ጊዜ የሚባል ነገር የለም። በራስህ አታቋርጥባቸው። ሐኪማቸው ሚራላክስን ዋና አድርጎ ሰናን ለመጠባበቂያ ሊያደርገው ይችላል። ለመዋጥ ከተቸገሩ ፋይበር ዱቄት አትስጣቸው።

ለእማዬ ልጅም አንድ ነገር። የእናትሽ ድርቀት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትራማዶሉ ሲቆም ሊተዋቸው ይገባል። ካልተዋቸው፣ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ወይም ክብደት ከቀነሱ የአንጀት ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። የደማቸው መቀነስ ከስብራቱና ከቀዶው ብቻ መምጣቱንም በቀጠሮው ቀን ጠይቂ። ብረት ሰገራን ስለሚያጠቁር፣ በመጥቆሩ ብቻ አትደንግጪ። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ያ ደም ነው፤ በዚያው ቀን ይታዩ።